ሙሉ ጨረቃዋ ቅዳሜ

ዛሬ አራት ኪሎ ቡና እየጠጣን የሥራ ባልደረባዬ ስልኩን ወደ እኔ ገፋ አድርጎ የቀን መቁጠሪያው ላይ አንዲት ቅዳሜን በጣቱ ነካ። "መንዝ ጓሳ ሄደን ኮከብ የምናይበት ቀን ይኸው፤ ሙሉ ጨረቃ ስለሆነች መንገዱም አያስቸግረንም" አለኝ። ደስታው ፊቱ ላይ ይነበባል። እኔ ግን ጣቱን ይዤ አንድ ሳምንት ወደ ፊት ወሰድኩት።

ሙሉ ጨረቃ ፀሐይ ስትጠልቅ ወጥታ እስኪነጋ ሰማይ ላይ ትቆያለች። ፍኖተ ሐሊብን የመሰለ ደብዛዛ ብርሃን በእሷ ፊት አይታይም። ከዚያ ወዲያ ግን በየቀኑ በአማካይ 50 ደቂቃ ያህል እየዘገየች ስለምትወጣ፣ በሳምንቱ የምትመጣው ወደ እኩለ ሌሊት ገደማ ነው። ምሽቱ በሙሉ የእኛ ይሆናል ማለት ነው።

"ብርዱስ?" አለ። ጓሳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር ይበልጣል፤ የከፍታው ልዩነት ብቻውን ከአዲስ አበባ 5 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ደመና ደግሞ ለምድር ጋቢ ነው፤ እሱ ሲገፈፍ ሙቀቷ ወደ ላይ ያመልጣል። ስለዚህ ለኮከብ የተመኘናት የጠራች ሌሊት ከሁሉም የባሰች ቀዝቃዛ ናት። ኮከብ የሚያይ ሰው ደግሞ ለሰዓታት አይንቀሳቀስም፤ ከላይ ስንት ጋቢ ቢደርብ፣ ከሥሩ ወፍራም ስፖንጅ ካላነጠፈ መሬቱ በጀርባው በኩል ሙቀቱን ይወስድበታል።

ደመና ከመጣ ብለን ቀጣዩንም ቅዳሜ ያዝን። ያኔ ጨረቃዋ አዲስ ስለምትሆን ሌሊቱ እስኪነጋ ጨለማ ነው።