የስምንት ዓመት ሱቄን ሲቪ ላይ ያሰፈርኩበት መንገድ

ከሐምሌ 2007 እስከ ሰኔ 2015 ዓ.ም. ባሕር ዳር ውስጥ፣ ፔዳ ግቢ አካባቢ የጽሕፈት መሣሪያና የፎቶ ኮፒ ሱቅ ነበረኝ። የቤት ኪራዩ ሽያጩን እየቀደመ ሲሄድ ዘጋሁትና ተቀጥሬ ለመሥራት ወሰንኩ። መጀመሪያ ያመለከትኩት አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ላወጣው የግዥ ሠራተኛ ቦታ ነበር። መዝጋቢዋ ወረቀቶቼን አገላብጣ «የሥራ ልምድ ደብዳቤዎ የታለ?» አለችኝ። ንግድ ፈቃዴን አሳየኋት። እሷም ማስታወቂያው ላይ ያለችውን አንዲት መስመር በጣቷ አሳየችኝ፤ ከግል ድርጅት የተገኘ ልምድ የሥራ ግብር የተከፈለበት ስለመሆኑ ማስረጃ ሊቀርብበት ይገባል ትላለች። እኔ በየዓመቱ ስከፍል የኖርኩት የንግድ ትርፍ ግብር ነው። ለራሴ ደመወዝ ከፍዬ፣ ከእሱ ላይ የሥራ ግብር ቆርጬ አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ ማስታወቂያ ሳነብ ዓይኔ መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያች መስመር ላይ ሆነ። ንግዱን በኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር አቋቁሞ፣ በሥራ አስኪያጅነት ደመወዝ እየተከፈለው የሥራ ግብሩን ሲያስገባ የቆየ ሰው ማስረጃው በእጁ ነው። እንደ እኔ በግል ስሙ የነገደ ሰው ግን መስመሯ ያለችበትን ማስታወቂያ ትቶ ፊቱን ወደ ግል ቀጣሪዎች ቢያዞር ይሻላል። እኔም አንድ የጣና ዳር ሆቴል የግዥ ኦፊሰር እንደሚፈልግ ስሰማ ሲቪዬን እንደገና ለመጻፍ ተቀመጥኩ።

የመጀመሪያው ሲቪዬ «ባለቤትና ዋና ሥራ አስኪያጅ» ብሎ ይጀምርና ከሥሩ ሃያ የሚሆኑ ተግባራት ይደረድራል፤ ሽያጭ፣ ጽዳት፣ የኮፒ ማሽን ጥገና፣ ሒሳብ፣ ሁሉም አለ። የአክስቴ ልጅ በአንድ ድርጅት ውስጥ የሰው ኃይል ሠራተኛ ስለሆነ አሳየሁት። አንብቦ ሲጨርስ «እህት ዓለም፣ ይህን ያነበበ ሰው ሱቅ እንደነበረሽ ያውቃል። ግዥ እንደምታውቂ ግን የሚያውቅበት የለም» አለኝ።

እውነቱን ነበር። ስምንት ዓመት ሙሉ ፕሮፎርማ ስሞላ የኖርኩ ሰው ነኝ። ትምህርት ቤቶችና ቢሮዎች ከሦስት ሱቅ ዋጋ ሰብስበው ሲያወዳድሩ፣ አንዱ ወረቀት የእኔ ነበር። ለራሴም ከመርካቶ አቅራቢዎች ዋጋ እየጠየቅኩ፣ ጭነት እያስጫንኩ፣ ሲደርስ እየቆጠርኩ ተረክቤያለሁ። ሆቴሉ የሚፈልገው ይህንኑ ሆኖ ሳለ ሲቪዬ ውስጥ ከጽዳትና ከጥገና በታች ተቀብሮ ነበር። የሥራ መደቤን «የግዥና የሽያጭ ኃላፊ (ባለቤት)» አልኩት። ባለቤት መሆኔን በቅንፍ የተውኩት ሆን ብዬ ነው። ቢቀር ቀጣሪው አለቃሽ ማን ነበር ብሎ ይጠይቃል፣ መልሱ ደግሞ የደበቅኩት ነገር ያለ ያስመስለዋል። ከሥሩ ካሉት ሃያ ተግባራት አራት ብቻ አስቀረሁ፦ ግዥ፣ የዕቃ ቁጥጥር፣ ለመሥሪያ ቤቶች ማቅረብ፣ ዱቤ መሰብሰብ።

ቀጥሎ እያንዳንዱን ቁጥር ማስያዝ ነበረብኝ። የደረጃ «ለ» ግብር ከፋይ ስለነበርኩ መዝገብ ነበረኝ፤ የ2014ን የበጀት ዓመት አወጣሁ። በዓመቱ መጀመሪያ ሱቅ ውስጥ የነበረው ዕቃ በተገዛበት ዋጋ 170,000 ብር፣ በመጨረሻው ቆጠራ 190,000 ብር ነው፤ አማካዩ 180,000። በዓመቱ የተሸጠው ዕቃ በግዥ ዋጋው 720,000 ብር ነበር። ይህን ለ180,000 ሳካፍለው አራት መጣ። አንድ ዕቃ መደርደሪያ ላይ በአማካይ ሦስት ወር ይቆይ ነበር ማለት ነው። በ2010 ግን ያው ስሌት ሁለት ተኩል ብቻ ነው የሰጠኝ። ልዩነቱን ያመጣው ቶሎ የማይሸጡትን ቦርሳና ካልኩሌተር ማምጣት ማቆሜ ነው። ሲቪው ላይ የገባው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፦ «የዕቃ ዝውውርን በዓመት ከ2.5 ወደ 4 ጊዜ ከፍ አድርጌያለሁ»። ዱቤውንም ከደብተሬ ደመርኩት። ለመሥሪያ ቤቶች በዱቤ ከሰጠሁት 150,000 ብር ውስጥ ዓመቱ ሳይዘጋ 138,000 ተመልሷል፣ 92 በመቶ።

እዚህ ላይ በጣም የምጠነቀቅበት ነገር አለ። ዓመታዊ ሽያጭን አስፍቶ መጻፍ ይፈትናል። ነገር ግን ሲቪው ቀጣሪው ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው ከግብር ማስረጃው ጋር ጎን ለጎን ነው። ለገቢዎች ካሳወቁት የበለጠ ሽያጭ ሲቪ ላይ ካሰፈሩ፣ ወይ ያኔ ዋሽተዋል ወይ አሁን እየዋሹ ነው፤ ለግዥ ሥራ የሚያመለክት ሰው ደግሞ ከሁሉ በፊት የሚታየው ታማኝነቱ ነው። እኔ የጻፍኳቸው ቁጥሮች ሁሉ ካሳወቅኩት መዝገብ የወጡ ናቸው።

የሥራ ልምድ ደብዳቤን የተካልኝ ማስረጃ ከየት እንደተገኘ ብናገር ብዙ ነጋዴ የሚገረም ይመስለኛል። ንግድ ፈቃዱና የየዓመቱ እድሳት ሱቁ እንደነበረ ያሳያሉ፣ ምን እንደተሠራበት ግን አይናገሩም። የጠቀመኝ የዊዝሆልዲንግ ደረሰኝ ነው። በዚያ ጊዜ መሥሪያ ቤቶች በአንድ ግዥ ከ10,000 ብር በላይ ዕቃ ሲወስዱ 2 በመቶ ቅድመ ግብር ይቀንሱና ደረሰኝ ይሰጡን ነበር። ለግብር ማቀናነሻ ብዬ በካርቶን ያስቀመጥኳቸው ነበሩ። እያንዳንዱ የገዢውን ስም፣ ቀኑን፣ የገንዘቡን መጠንና የእኔን የቲን ቁጥር ይዟል። የጻፈው እኔ አይደለሁም፣ ገዢው ነው። ከየዓመቱ አንድ አንድ መርጬ ስምንት ኮፒ አያያዝኩ። ከአንድ የቆየ ደንበኛ ትምህርት ቤትም ደብዳቤ ጠየቅኩ። ምስጋና እንዲጽፉልኝ አልለመንኩም። ከመቼ እስከ መቼ ዕቃ እንዳቀረብኩና በውሉ ቀን አስረክቤ እንደሆነ ብቻ እንዲገልጹልኝ ጠየቅኩ፣ በማኅተም ሰጡኝ።

የመጨረሻው ወረቀት የንግድ ፈቃዱ መሰረዙን የሚያሳየው ነው። ለማግኘት መጀመሪያ ግብር አጣርቶ ክሊራንስ መውሰድ ያስፈልጋል፤ ሰኔ 30 የዘጋሁትም የበጀት ዓመቱ የሚያበቃው ያን ቀን ስለሆነ ሒሳቡ እንዳይቆራረጥብኝ ነበር። ሱቁን ቆልፈው ፈቃዱን ሳይመልሱ የሚሄዱ አውቃለሁ፤ ግብር ቤት ግን ሥራ ላይ እንዳሉ ስለሚቆጥራቸው ባላሳወቁት ዓመት ቅጣት ይጠብቃቸዋል።

ቃለ መጠይቁ ላይ ይህ ወረቀት ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ገባኝ። ሦስት ሰዎች ነበሩ። ሥራ አስኪያጁ የጠየቁኝ የመጀመሪያ ጥያቄ «ሱቁ አሁንም ካለ ለሆቴሉ ወረቀት ከማን ነው የምትገዢው?» የሚል ነበር። ስረዛውን ከፋይሉ አውጥቼ ፊታቸው አስቀመጥኩ። ሁለተኛው ጥያቄ ሦስት ፕሮፎርማ ከአንድ ሱቅ እንደወጣ በምን እንደማውቅ ነበር። ለዚህ ሲቪም አላስፈለገኝ። የእጅ ጽሑፉን፣ የሦስቱንም ቀን፣ ዋጋዎቹ በሁሉም ዕቃ ላይ እኩል መጠን እየጨመሩ መሄዳቸውን፣ ስህተት የተጻፈ የዕቃ ስም ሦስቱም ላይ መደገሙን አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ሱቅ ሳለሁ እንዲህ ያለ ነገር እንድሠራላቸው የጠየቁኝ ገዢዎች ነበሩ፤ እምቢ ብዬ ሽያጩ የቀረብኝንም ነገርኳቸው።

ከአሥር ቀን በኋላ ደወሉልኝ። ውሉ ላይ 60 የሥራ ቀን የሙከራ ጊዜ ነበረው፣ እሱንም ጨርሻለሁ። ካርቶኑ ውስጥ የቀሩት ደረሰኞች አሁንም ቤቴ አሉ፣ አልጣልኳቸውም።