«ይህን ማን አየው?»፦ በማሽን የተጻፈ ረቂቅ እንዴት እንዳረምሁ

በምሠራበት የጤና ተቋም የሠራተኞችን መጽሔት አዘጋጃለሁ። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ከሚደርሱኝ ረቂቆች ብዙዎቹ የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያ ያለፈባቸው ናቸው፤ ላኪዎቹም አይደብቁኝም። የቋንቋ ስሕተት እምብዛም የለባቸውም። ችግራቸው ስለ ማንም ሊጻፉ መቻላቸው ነው። እዚህ የምተርከው አንዲት ነርስ ጡረታ ስለሚወጡ የክትባት ማቀዝቀዣ ጥገና ባለሙያ የላከችውን ጽሑፍ ያረምሁበትን ሂደት ነው፤ ከሌሎቹ ይልቅ እሱን የመረጥሁት ምልክቶቹ ሁሉ በአንድ ገጽ ስለተሰበሰቡበት ነው።

የረቂቁ ሁለተኛ አንቀጽ እንዲህ ይል ነበር፦ «ባለሙያው ባለፉት ዓመታት ተቋማችንን በትጋት፣ በቅንነትና በቁርጠኝነት አገልግለዋል። ሥራቸው የቴክኒክ ጥገና ብቻ ሳይሆን የብዙዎችን ሕይወት የመታደግ ተልዕኮም ጭምር ነበር። ዕውቀትን ከልምድ ጋር በማቀናጀት ለተቋሙ ስኬት የማይተካ ሚና ተጫውቷል።»

እንዲህ ያለ አንቀጽ ሲገጥመኝ መጀመሪያ የማደርገው ባለቤቱን መለወጥ ነው። «የቴክኒክ ጥገና» የሚለውን አውጥቼ «የሒሳብ ምዝገባ» አስገባሁበት፤ አንቀጹ ምንም አልሆነም። «የመዝገብ ቤት ሥራ» ብዬም ሞከርሁ፤ ሕይወት መታደግ የሚለው ትንሽ ተንገዳገደ እንጂ ሌላው እንዳለ ቆመ። ባለቤቱ ተለውጦም የማይናጋን ዓረፍተ ነገር በእርሳስ አሰምርበታለሁ። በዚያ ረቂቅ ላይ ሳይሰመርባቸው የቀሩት የባለሙያው ስም፣ ሥራ የጀመሩበት ዓመትና የክፍሉ መጠሪያ ብቻ ነበሩ።

ከዚህ በኋላ ነው ወደ አጻጻፉ የምመለሰው። ሦስት በጎ ጠባዮች በአንድ ትንፋሽ መደርደራቸው፣ «ብቻ ሳይሆን» ብሎ አንዱን ነገር አሳንሶ ሌላውን ማግዘፉ፣ አንቀጾቹ ሁሉ በቁመት እኩል መሆናቸው፣ እያንዳንዱም በምስጋና መዘጋቱ የታወቁ ምልክቶች ናቸው። በአማርኛ ረቂቆች ላይ ግን ከእነዚህ ይበልጥ የሚያነቃኝ የአክብሮቱ መዋዠቅ ነው። ከላይ ባለው አንቀጽ ሰውየው «አገልግለዋል» ተብለው ይጀምሩና በሦስተኛው ዓረፍተ ነገር «ተጫውቷል» ይባላሉ። ሰው ሲጽፍ በሆሄ ይሳሳታል፣ ዓረፍተ ነገሩንም ሊያወላግደው ይችላል፤ አንቱ የሚላቸውን ታላቁን ግን በአንድ አንቀጽ ውስጥ አንተ ማለት ብዙም አይገጥመውም፤ ምክንያቱም ሰውየውን በዓይነ ኅሊናው እያየ ነው የሚጽፈው። ግሡ ራሱ ባለቤቱን እየተናገረ «እሳቸው» እና «እነርሱ» በየዓረፍተ ነገሩ መደጋገማቸውም እንዲሁ ነው። መሣሪያዎቹ የሠለጠኑበት የአማርኛ ጽሑፍ ከእንግሊዝኛው ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት በመሆኑ፣ የሚያወጡት ዓረፍተ ነገር ብዙ ጊዜ በአማርኛ ቃላት የተሸፈነ የሌላ ቋንቋ አጥንት አለው።

ይህ ለማንም የሚስማማ ለስላሳነት ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ለእርማቱ ይረዳል። መሣሪያዎቹ የሚሠሩበት የቋንቋ ሞዴል ከተጻፈው ቀጥሎ ሊመጣ የሚችለውን ቃል እንደ ዕድሉ መጠን ይመዝናል፤ በስፋት የምንጠቀምባቸው መሣሪያዎች ደግሞ ሰዎች የወደዱትን መልስ እንዲያበዙ በተጨማሪ ሥልጠና ተገርተዋል። ስለዚህ «ጡረታ የሚወጣ ሠራተኛ» ሲባል የሚያቀርበው ስለ ጡረተኞች ሁሉ በብዛት የተባለውን ነው። ነርሷ የምታውቀውን አልነገረችውም፤ ሊያውቀው የሚችልበት ሌላ መንገድም አልነበረም። ስለዚህ ጉድለቱ የሚሞላው ቃላቱን በመቀያየር ሳይሆን ያየውን ሰው በመጠየቅ ነው።

ደወልሁላት። በመጀመሪያ «ትጋት ብለሻል፤ ምን ሲያደርጉ አይተሽ ነው?» አልኋት። «ሁልጊዜ በሰዓታቸው ይገባሉ፤ ሥራቸውን ይወዳሉ» አለችኝ። ቀጥተኛ ጥያቄ ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ መልስ ነው የሚያመጣው፤ ሰው ምስጋና ሲጠየቅ ማሽን ባይኖርም የማሽን ቋንቋ ይናገራል። ስለዚህ ጥያቄውን ለወጥሁት፦ «እሳቸው ዕረፍት ሲወጡ ምን ይበላሽ ነበር?» ከጥቂት ዝምታ በኋላ ሳቀች። «ውይ፣ የማቀዝቀዣው መቆጣጠሪያ ነዋ! መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ሰው ሁሉ እየሄደ ወደ ብርድ ያዞረዋል።»

ከዚያ በኋላ ማቆም አልቻለችም። በእነሱ ክፍል ክትባት የሚቀመጠው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ሙቀት ነው። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ የደነገጠ ሠራተኛ የጠፋውን ቅዝቃዜ ለማካካስ መቆጣጠሪያውን ያጠብቀዋል፤ ሌሊቱን ግን ሙቀቱ ከዜሮ በታች ሊወርድ ይችላል። እንደ ቴታነስና ሄፓታይተስ ቢ ያሉ ክትባቶች ደግሞ አንዴ በረዶ ከሆኑ ኃይላቸውን ያጣሉ፤ በረዶው ቢቀልጥም አይመለስላቸውም። ባለሙያው ይህን ለመከላከል በመቆጣጠሪያው ላይ ነጭ የቁስል ፕላስተር ለጥፈው «ከመንካትህ በፊት ደውልልኝ» ብለው ጽፈውበታል። ፕላስተሩ ሲያረጅ ራሳቸው ይቀይሩታል። የበሩን ጎማ የሚፈትሹት ቁራጭ ወረቀት በሩ ላይ ቆልፈው በመሳብ ነው፤ ወረቀቱ ያለ ችግር ከወጣ ጎማው አየር ያስገባል ማለት ነው። ባዶውን የታችኛውን መደርደሪያ ውኃ በሞላባቸው ጠርሙሶች ይሞሉት ነበር፤ መብራት ሲጠፋ ቅዝቃዜውን እንዲያቆዩ። አዲስ የገባ ሠራተኛ አንዱን ጠርሙስ አውጥቶ ሲጠጣ አግኝተውት ቀኑን ሙሉ እንዳኮረፉትም ነገረችኝ።

ነርሷ ይህን ሁሉ ከነገረችኝ በኋላ በራሷ ጊዜ ረቂቁን መልሳ ለመሣሪያው ሰጠችውና «ሰዋዊ ለዛ ጨምርበት» አለችው። አዲሱ ቅጂ ሲደርሰኝ ዝናብ የሚያካፋበት ማለዳ፣ ከፊታቸው የማይጠፋ ፈገግታና «ለዓመታት ከእጃቸው ያልተለየች ሰማያዊ መፍቻ» ተጨምረውበታል። በእኔ ግምት ይህ ከመጀመሪያው ይብሳል፤ የመጀመሪያው ባዶ ነበር፣ ይህኛው ግን ያልሆነውን ሆነ ይላል። «መፍቻዋን አይተሻታል?» ብላት አላየችም፤ ፈገግታውንም ቢሆን ተጠራጠረችው፤ ኮስታራ ሰው ናቸው።

የፈጠራ ዝርዝርን ከእውነተኛው ለመለየት የማደርገው ቀላል ነገር አለ። ዝርዝሩን ለውጬ ሌላው ጽሑፍ ይናጋ እንደሆነ አያለሁ። መፍቻዋ ቀይ ብትሆን ማንም ምንም አያጣም፤ ዝናቡም ፀሐይ ቢሆን ያው ነው። ፕላስተሩን ግን ከመቆጣጠሪያው አንሥቶ በሩ ላይ መለጠፍ አይቻልም፤ ያኔ ጽሑፉ ትርጉም ያጣል፣ የመብራቱ መጥፋትም የክትባቱ መበላሸትም አብረው ይወድቃሉ። ይህ ፍተሻ ብቻውን እንደማይበቃ ግን አውቃለሁ፤ ጎበዝ ፈጠራ ሊያልፈው ይችላል፣ ከምንም ጋር ያልተያያዘ እውነተኛ ነገርም ሊወድቅበት ይችላል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ዝርዝር ጎን በኅዳጉ ላይ «ይህን ማን አየው?» ብዬ እጽፍና የሰው ስም እስክትሰጠኝ እጠብቃለሁ። የቁራጭ ወረቀቱ ነገር ለምሳሌ ከራሷ ዓይን ሳይሆን ከሌላ ባልደረባዋ የሰማችው ስለነበር፣ ያንን ሰው ጠይቀን ነው ያስገባነው።

የታረመው አንቀጽ በመጨረሻ ይህን መሰለ፦ «የክትባት ማቀዝቀዣው መቆጣጠሪያ ላይ ‹ከመንካትህ በፊት ደውልልኝ› የሚል የቁስል ፕላስተር ተለጥፏል። የለጠፉት እሳቸው ናቸው። መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር አንዳችን ማቀዝቀዣውን ለማገዝ ወደ ብርድ እናዞረው ነበር፤ እንዲያ የተዞረ ማቀዝቀዣ ግን ሌሊቱን ክትባቱን በረዶ አድርጎ ሊያሳድር እንደሚችል ያስተማሩን እሳቸው ናቸው። ስንደውልላቸው መልሳቸው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ‹አትንኪው፣ በሩን ዝጊ፣ ሙቀቱን ጻፊ፣ መጣሁ።›» ትጋት የሚለው ቃል የለበትም። የውኃ ጠርሙሱና የኩርፊያው ታሪክ እጅግ ቢጥመኝም አስቀረሁት፤ አንቀጹ ስለ መቆጣጠሪያው ነውና ሌላ ጨዋታ ቢጨመርበት ዝርዝሩ ራሱ ጌጥ መሆን ይጀምራል። ለየብቻቸው የሚጥሙ ነገሮችን ሁሉ ማጨቅ ረቂቁን ከአንድ ዓይነት ልስላሴ ወደ ሌላ ዓይነት ማስተላለፍ ነው።

አንዳንድ ባልደረቦቼ ረቂቁን ማሽን የጻፈውን ከሰው በሚለይ ሶፍትዌር አስመርምሬ ለምን እንደማልመልሰው ይጠይቁኛል። እነዚህን ሶፍትዌሮች አላምናቸውም። የቻትጂፒቲ ሠሪ የሆነው ኦፕን ኤአይ በ2023 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ያወጣውን የራሱን መለያ፣ ትክክለኛነቱ ዝቅተኛ ነው ብሎ በዚያው ዓመት ሐምሌ ውስጥ አንሥቶታል፤ ይፋ ሲያደርገውም ማሽን ከጻፋቸው ጽሑፎች 26 በመቶውን ብቻ እንደሚይዝ፣ ሰው የጻፋቸውን ደግሞ 9 በመቶ ያህል በስሕተት እንደሚወነጅል ራሱ ገልጾ ነበር። እኔ የዘረዘርኋቸው ምልክቶችም ማስረጃ አይደሉም። የቢሮ ሪፖርት ሲጽፍ የኖረ ሰው «የማይተካ ሚና» ብሎ የሚጽፈው ማሽን ከመምጣቱ በፊትም ነበር። ለእኔ ልዩነት የለውም፤ ማን እንደጻፈው ሳላጣራም ያንኑ እርሳስ አነሣለሁ፣ ያንኑ ጥያቄ እጠይቃለሁ። ማንንም «በማሽን ጽፈሃል» ብዬ አልከስስም፤ ክርክሩ ስለ ጸሐፊው ይሆንና ጽሑፉ ሳይታረም ይቀራል።

ጠያቂውም ተጠያቂውም ጨርሰው ምንም ሳይገኝ የሚቀርበት ጊዜ አለ። በዚሁ ጽሑፍ ውስጥ ባለሙያው ከሌሎች ክፍሎች ጋር ስለነበራቸው ትብብር የሚያወራ አንድ ሙሉ አንቀጽ ነበር፤ ነርሷ ስለዚያ የምታውቀው አልነበረም፣ የሚያውቅም ሰው ልታገኝልኝ አልቻለችም። እንዳለ ሰረዝነው። ስለ ሥልጠና የሚያወራውም በአንድ ዓረፍተ ነገር ተተካ። ጽሑፉ ከመጀመሪያው ረቂቅ በግማሽ ያህል አጥሮ ወጣ፤ ከማሽኑ የቀረው የአንቀጾቹ ቅደም ተከተልና የመጨረሻዋ የምስጋና መስመር ናቸው። እሷን መስመር ለመሰረዝ እርሳሴን አንሥቼ ነበር፤ ነርሷ ግን «ይህማ ለእሳቸው ነው፣ ለአንባቢ አይደለም» አለችኝና ተውኋት።