ደረሰኙ ኪሴ ውስጥ፣ ውሉ ተሰርዟል

ደብዳቤው አጭር ነበር። የመኪናዬ መድን «አረቦን ባለመከፈሉ» ከወሩ 16ኛ ቀን ጀምሮ ተሰርዟል ይላል። የመክፈያው የመጨረሻ ቀን 15 ነበር። እኔ ግን በ3ኛው ቀን ባንክ ሄጄ ከፍያለሁ። ማህተም ያረፈበት ደረሰኝም አለኝ።

መጀመሪያ ደወልኩና ጮህኩ። ምንም አልጠቀመኝም። ስልኩን ያነሳችው ልጅ «ይቅርታ፣ ሲስተሙ ላይ አይታየኝም» አለችኝ። እውነቷን ነበር፣ በእርግጥም አይታያትም።

ማታ ደረሰኙን ረጋ ብዬ አየሁት። መጠኑ ልክ ነው፣ የኩባንያው የሂሳብ ቁጥርም ልክ ነው። የክፍያው ምክንያት ላይ የጻፍኩት የፖሊሲ ቁጥር ግን የአምናው ነው። ውሉ ሲታደስ አዲስ ቁጥር ወጥቶለታል፤ እኔ ከአሮጌው ወረቀት ገልብጬ ነው የጻፍኩት። ገንዘቡ ኩባንያው ሂሳብ ገብቷል፣ የማን እንደሆነ ግን አልታወቀም። እንዲህ ያለ ገንዘብ ባለቤቱ እስኪለይ «ሰስፔንስ» በሚሉት ሂሳብ ውስጥ ይተኛል። ኮምፒዩተሩ ደግሞ በአዲሱ ቁጥር ክፍያ ሲያጣ የስረዛ ደብዳቤውን ያወጣል።

አንድ ነገር ልብ አልኩ። ደረሰኙ የሚመሰክረው ባንኩ ከእኔ መቀበሉን ነው። ኩባንያው ጋ መድረሱን ግን አይመሰክርም። «ገብቶ ተመልሶ ቢሆንስ?» ቢሉኝ መልስ የለኝም። ስለዚህ በማግስቱ ባንክ ሄጄ ማረጋገጫ ደብዳቤ ጠየቅሁ። መጠኑ፣ የግብይት ቁጥሩ፣ ገንዘቡ የገባበት ሂሳብና የገባበት ቀን፣ ከዚያ በኋላም አለመመለሱ እንዲጻፍበት አደረግሁ።

ከዚያ ለኩባንያው ጻፍኩ። ለደንበኞች አገልግሎት ሳይሆን ለፋይናንስ ክፍሉ ነው፣ ለቅሬታ ክፍሉም ግልባጭ አደረግሁ። ተንጠልጣይ ገንዘብ ፈልጎ የሚያገኘው ፋይናንስ ነውና። «በዚህ ቀን፣ በዚህ ግብይት ቁጥር የገባውን ክፍያ ያልተለየ ገቢ ውስጥ ፈልጉልኝ፤ በስህተት የአምናውን ፖሊሲ ቁጥር ጽፌበታለሁ» አልኩ። ስህተቴን አልደበቅሁም። ምን እንደሚፈልጉ ካላወቁ አያገኙትም። መጨረሻ ላይ «ውሉ እንዲታደስልኝ» ሳይሆን «ስረዛው ከመነሻው እንዲሻርልኝ» ብዬ ጻፍኩ። የዚህ ልዩነት ትርጉሙ በኋላ ነው የታየው።

በሦስተኛው ቀን ተደወለልኝ። «ገንዘቡ ተገኝቷል፣ መጥተው ፎርም ይፈርሙ።» ደስ ብሎኝ ሄድኩ። እስክሪብቶውን አንስቼ ፎርሙን ሳነበው እጄ ቀዘቀዘ። ሁለት ነገር ይላል፦ ሽፋኑ ከዛሬ ይጀምራል፤ ደግሞም ከ16ኛው ቀን እስከ ዛሬ በመኪናው ላይ ምንም ጉዳት አልደረሰም። በ18ኛው ቀን ደግሞ መኪናዬ ቆሞ ሳለ አንዱ የጎን መስታወቱን ገጭቶ ሰብሮ ሄዷል።

ብፈርም ዋሽቻለሁ ማለት ነው። ጉዳቱ ባይደርስ እንኳ፣ በመካከል ሽፋን ያልነበረኝ ቀናት ነበሩ ብዬ በፊርማዬ ማመኔ ነው። ሠራተኛው «ፎርማሊቲ ነው» አለ። አልፈረምኩም። «ካልሆነ ገንዘብዎን እንመልስልዎ» ሲለኝም እንቢ አልኩ። መልሼ ብቀበል «ስረዛውን ተስማምቶበታል» የሚል ክርክር ይነሳብኝ ነበር። ቤት ስደርስ የተባባልነውን ከነቀኑ በኢሜይል ጻፍኩለት። እስኪወሰንም መኪናውን አላንቀሳቀስኩም። እኔ ትክክል ነኝ ብዬ ማሰቤ ብቻውን መንገድ ላይ ለሚደርስ አደጋ ካሳ አይከፍልልኝም።

ቀኑ ባይረዳኝ ኖሮ ግን ይህ ሁሉ ልፋት ብዙም አያስኬደኝም ነበር። የከፈልኩት በ17 ቢሆን፣ ወይም ሂሳቡ ጥቂት ጎድሎ ቢሆን፣ ደረሰኙ የሚመሰክረው በእኔው ላይ ነው። ውሉን ገልጬ ክፍያ ተፈጸመ የሚባለው መቼ እንደሆነ ያየሁትም ለዚህ ነው። የእኔ ውል «ለኩባንያው ሲከፈል» ነው የሚለው፣ «በሲስተም ሲመዘገብ» አይልም። በሁለተኛው ደብዳቤዬ ይህን አንቀጽ ከነቁጥሩ ጠቀስኩ፤ የመጨረሻ ውሳኔያቸውን በጽሑፍ እንዲሰጡኝም ጠየቅሁ። ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት አቤት ማለት ካስፈለገ ያ ወረቀት ያስፈልጋል።

አላስፈለገም። በ9ኛው የሥራ ቀን ደብዳቤ መጣ፦ ስረዛው ተሽሯል፣ ሽፋኑ ሳይቋረጥ ቀጥሏል። የመስታወቱን ካሳም የራሴን ድርሻ ቀንሰው ከፈሉኝ።

ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜ ተመልሼ ሄጃለሁ። ሌላ ኩባንያ ጋ መድን ስገባ «ከዚህ በፊት ውል ተሰርዞብዎት ያውቃል?» የሚል ጥያቄ ፎርሙ ላይ ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ስረዛው በእነሱ ስህተት የወጣ እንጂ ባለመክፈሌ እንዳልሆነ የሚገልጽ ወረቀት ጠየቅሁ። «በእነሱ ስህተት» የሚለውን አልጻፉልኝም፤ ቁጥሩን ያሳሳትኩት እኔ ነኝና አልተከራከርኩም። «ክፍያው በጊዜው ገብቷል» ብለው ጻፉ። እሱኑ ከባንኩ ደብዳቤ ጋር አያይዤ ፋይሌ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ።