«ኦአርኤስ መስጠት» የሚለው ትክክለኛ ሐሳብ ለምን ነጥብ አሳጣኝ

ለነርስነት የሙያ ብቃት ምዘና ስዘጋጅ በልምምድ ጥያቄዎች የሳትኳቸውን ሁሉ በአንድ ደብተር እመዘግብ ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደብተሩን ሳገላብጥ ከስሕተቶቼ ብዙዎቹ ካለማወቅ የመጡ እንዳልነበሩ ተረዳሁ። የመረጥኩት ሐሳብ እውነት ነበር፤ ነገር ግን ከእሱ የተሟላ ሌላ ምርጫ እዚያው አጠገቡ ተቀምጦ ነበር።

ነገሩን ያስተማረኝ አንድ ጥያቄ ነው። የ14 ወር ዕድሜና 10 ኪሎ ክብደት ያለው ሕፃን ለሁለት ቀን ደም የሌለው ቀጭን ተቅማጥ ይዞት ጤና ጣቢያ ይመጣል። ሕፃኑ ይነጫነጫል፤ ዓይኖቹ ጎድጉደዋል፤ ውኃ ሲሰጡት ተስገብግቦ ይጠጣል፤ የሆዱ ቆዳ ተቆንጥጦ ሲለቀቅ ቀስ ብሎ ይመለሳል። ከሁሉ የተሻለው ሕክምና የትኛው ነው? ኤ፦ ኦአርኤስ በአፍ መስጠት። ቢ፦ በደም ሥር ፈሳሽ መስጠት። ሲ፦ በጤና ጣቢያው ውስጥ በ4 ሰዓት 750 ሚሊ ሊትር ኦአርኤስ ማጠጣት፣ ከዚያም የድርቀቱን ደረጃ እንደገና መመርመርና ዚንክ ማስጀመር። ዲ፦ በሲ ላይ የተባለውን ሁሉ አድርጎ አንቲባዮቲክ መጨመር።

እኔ ኤን መረጥኩ። ለተቅማጥ ኦአርኤስ መስጠት ስሕተት ሊሆን አይችልም ብዬ አሰብኩ፤ አጭር በመሆኑም አስተማማኝ መሰለኝ። መልሱ ሲ መሆኑን ሳይ በጥያቄው አውጪ አዘንኩ። አብራኝ ተረኛ ለነበረችው፣ ብዙ ዓመት በሕፃናት ክፍል ለሠራች ሲስተር ደብተሩን አሳየኋት። እሷም «ለእናቲቱ 'ኦአርኤስ ስጪው' ብቻ ብለህ ብትሸኛት ምን ያህል ትሰጠዋለች? ማንስ መልሶ ያየዋል?» አለችኝ። ቀጥላም «ድርቀት የሌለው ሕፃን ቢመጣስ ይህንኑ አትላትም ነበር?» ስትል ጠየቀችኝ።

ይህ ሁለተኛው ጥያቄ አስተሳሰቤን ለወጠው። ኤ ድርቀት ለሌለውም ሕፃን እኩል የሚሠራ መልስ ነው፤ ስለዚህ በጥያቄው ውስጥ የተዘረዘሩትን አራት ምልክቶች አንዱንም አልተጠቀመባቸውም። እነዚህ ምልክቶች ሕፃኑ መጠነኛ ድርቀት እንዳለው ያሳያሉ፤ ምድቡን ለመስጠት ከአራቱ ሁለቱ ብቻ በቂ ነበሩ። የዚህ ደረጃ ሕክምና ደግሞ በኪሎ 75 ሚሊ ሊትር ኦአርኤስ በ4 ሰዓት ውስጥ ማጠጣት ነው። የሕፃኑ ክብደት የተነገረንም 75ን በ10 አባዝተን 750 እንድናገኝ ነው። ቢ የወደቀው ሕፃኑ በደንብ ስለሚጠጣና ወደ ከባድ ድርቀት የሚያስገቡት ምልክቶች፣ ለምሳሌ መድከምና መጠጣት አለመቻል፣ ስላልታዩበት ነው።

ከዚያ ወዲህ ምርጫን በጭንቅላቴ ካለው እውቀት ጋር ብቻ ማመሳከር ትቼ ከጥያቄው ጋር ማመሳከር ጀመርኩ። ሁለት ምርጫዎች ሲቀሩኝ አንዱ በሌላው ውስጥ ይገኝ እንደሆነ አያለሁ። ኤ በሲ ውስጥ አለ፤ ሲን የፈጸመ ሰው ኤንም ፈጽሟል። ስለዚህ ኤ ሊያሸንፍ የሚችለው ሲ ከጨመራቸው ነገሮች አንዱ ስሕተት ከሆነ ብቻ ነው። እኔም የተጨመሩትን አንድ በአንድ እመረምራለሁ፦ መጠኑ፣ ሰዓቱ፣ ቦታው፣ ድጋሚ ምርመራው፣ ዚንኩ። ሁሉም ልክ ሆነው ተገኙ።

ይህን ሳውቅ ግን ወደ ሌላ ስሕተት ገባሁ። ለጥቂት ቀናት ረጅሙን ምርጫ እየተከተልኩ ነጥብ ጣልኩ። ዲን ልብ ብሎ ያየ ሰው ምክንያቱን ያገኘዋል፦ ከሲ ይረዝማል፣ ነገር ግን የጨመረው አንቲባዮቲክ ደም ለሌለው ተራ ተቅማጥ አይታዘዝም። ጥያቄው «ደም የሌለው» ያለውም ለዚህ ነው። አንድ የተሳሳተ ጭማሪ የቀረውን ልክ ነገር ሁሉ ይዞ ይወድቃል፤ ይህን ስል ኤ ዲን ይበልጣል፣ በሲ ግን ይበለጣል ማለቴ ነው።

ሌላው የተጠየቀበት ቃል ነው። «ከሁሉ የተሻለው» ሲባል የተሟላው ይመረጣል፤ «በመጀመሪያ ምን ታደርጋለህ?» ሲባል ግን ሙሉ የሕክምና ዝርዝር የያዘው ምርጫ ሊሸነፍ ይችላል። ራሱን ስቶ እየተንቀጠቀጠ ለመጣ ሕፃን የመተንፈሻ መንገዱን መክፈት ይቀድማል፤ መድኃኒቱም ምርመራውም ከዚያ በኋላ ነው። እንዲህ ባለው ጥያቄ አጭሩን በመምረጤ ብዙ ጊዜ ነጥብ አግኝቻለሁ።

አሁን ጥያቄ ስሠራ ምርጫዎቹን በወረቀት ሸፍኜ ምልክቶቹን አሰምርባቸዋለሁ፣ መልሴንም ከነመጠኑ በጎን እጽፋለሁ። ከዚያ በኋላ ነው ወረቀቱን የማነሣው። በጎን የጻፍኩት «750 በ4 ሰዓት» ሆኖ ሳለ «ኦአርኤስ መስጠት» የሚል ምርጫ ሳገኝ፣ የጎደለው ነገር ወዲያውኑ ዓይኔ ላይ ይታየኛል።