ጥቁሩ ሲኒ

በደሴ ከተማ በአንድ የትምህርት ተቋም የኦፕቲክስ ላቦራቶሪ ውስጥ በምሠራበት ጊዜ፣ ለተማሪዎች የሚታይ አንድ ሆሎግራም፣ ማለትም ዕቃን በሌዘር ብርሃን ቀርጾ ጥልቀቱን እንደያዘ የሚያሳይ ምስል፣ እንድናዘጋጅ ተወስኖ ነበር። የሚቀረጸው ዕቃ አንድ ነጭ ሲኒ ከነማስቀመጫው ነበር፤ ነጭ የመረጥነው ብርሃን በደንብ ስለሚመልስ እንጂ የቡና ፍቅራችን አስገድዶን አይደለም። በእጃችን የነበሩት የሆሎግራም ፕሌቶች፣ ማለትም ምስሉ የሚቀረጽባቸው ብርሃን የሚመዘግቡ መስተዋቶች፣ አሥራ ሁለት ብቻ ሲሆኑ፣ ሲያልቁ ሌላ ለማስመጣት ወራት እንደሚፈጅ ሁላችንም እናውቅ ነበር። ከእነዚያ አሥራ ሁለት ፕሌቶች የመጀመሪያዎቹ አራቱ ባዶ ወጡ።

ባዶ ስል ፕሌቱ ብርሃን አላገኘም ማለቴ አይደለም። ታጥቦ ሲወጣ እንደሚጠበቀው ጠቁሯል፤ ነገር ግን ሌዘር ሲበራበት ከጀርባው የሚታይ ምንም ነገር የለም። ይህ እንዴት ሊሆን እንደሚችል ለመረዳት፣ ፕሌቱ ላይ የሚመዘገበው ምን እንደሆነ አስቀድሞ ማየት ያስፈልጋል።

የሌዘሩ ጨረር ጠረጴዛው ላይ በጨረር ከፋይ መስተዋት ለሁለት ይከፈላል። አንደኛው በሌንስ ሰፍቶ በቀጥታ ፕሌቱ ላይ ያርፋል፤ ይህን ማጣቀሻ ጨረር እንለዋለን። ሁለተኛው ሲኒውን ያበራና ከሲኒው ላይ ተበትኖ ወደ ፕሌቱ ይደርሳል። ሁለቱ የአንድ ምንጭ ልጆች ስለሆኑ ፕሌቱ ላይ ሲገናኙ ሞገዶቻቸው ይደራረባሉ፤ ከፍታ ከከፍታ ጋር በተገጣጠመበት ቦታ ብርሃን፣ ከፍታ ከዝቅታ ጋር በተገጣጠመበት ቦታ ደግሞ ጨለማ ይሆናል። ፕሌቱ የሚይዘው እነዚህን የብርሃንና የጨለማ መስመሮች ነው። የእኛ ሌዘር የሂሊየም ኒዮን ስለነበር የሞገዱ ርዝመት 632.8 ናኖሜትር ነው፤ በሁለቱ ጨረሮች መካከል የነበረው ማዕዘን ወደ 30 ዲግሪ ስለሚጠጋ፣ ከአንዱ ብሩህ መስመር እስከሚቀጥለው ያለው ርቀት 1.2 ማይክሮሜትር ገደማ፣ ማለትም በአንድ ሚሊሜትር ውስጥ ስምንት መቶ ያህል መስመሮች ናቸው። ተራ የፎቶ ፊልም ይህን ያህል ደቃቅ መስመር ለይቶ ስለማይዝ ነው ልዩ ፕሌት የሚያስፈልገው።

የፕሌቱ ባዶነት ትርጉም ከዚህ ይመነጫል። ፕሌቱ ለአምስት ሰከንድ ብርሃን ሲቀበል መስመሮቹ ባሉበት ካልቆሙ፣ ብሩህ የነበረው ቦታ ጨለማ፣ ጨለማ የነበረው ብሩህ እየሆነ ይፈራረቃል፤ በመጨረሻም ሁሉም ቦታ እኩል ብርሃን አግኝቶ እኩል ይጠቁራል። በአምስቱ ሰከንድ ውስጥ መስመሮቹ አንድ ሙሉ እርምጃ፣ ማለትም ከአንዱ ብሩህ መስመር እስከሚቀጥለው ያለውን ርቀት ያህል፣ በእኩል ፍጥነት ከተንሸራተቱ ምልክታቸው ጨርሶ ይጠፋል። ለዚህ ደግሞ የአንዱ ጨረር መንገድ ከሌላው በአንድ የሞገድ ርዝመት፣ ማለትም በ0.63 ማይክሮሜትር መርዘሙ ወይም ማጠሩ ይበቃል።

ሁላችንም ወዲያውኑ ጥፋቱን የጣልነው በመንገዱ ላይ ነበር። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚወጣው ሲኖትራክ ሲያልፍ የመስኮቱ መስተዋት የሚንቀጠቀጥበት ሕንጻ ውስጥ ነን። ስለዚህ ከባዱን የእብነ በረድ ጠፍጣፋ በግማሽ በተነፋ የመኪና ካላማዳሪ ላይ አስቀምጠን፣ ሥራውን ወደ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት አዛወርነው። የሁለቱ ጨረሮች መንገድ በርዝመት በጣም ከተለያየም መስመሮቹ ስለሚጠፉ፣ ከከፋዩ እስከ ፕሌቱ የሚጓዙትን ርቀት በሲባጎ ለክተን ልዩነቱን ከሁለት ሴንቲሜትር በታች ስላደረግን፣ በዚያ በኩል ስጋት አልነበረንም። አምስተኛውም ፕሌት ባዶ ሆነ።

በላቦራቶሪው ለረጅም ዓመታት የሠሩ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ቴክኒሻን በዚያ ሌሊት ጋቢያቸውን ተከናንበው ሲመለከቱን ቆይተው፣ «መምህር፣ ወላሂ እናንተ ፕሌት ነው የምታቃጥሉት። መስመሩ ይንቀጠቀጣል ትላላችሁ፤ ሲንቀጠቀጥ ያየው ማነው?» አሉኝ። በእውነቱ ማንም አላየውም ነበር። በማግስቱ ፕሌቱን አንስተን፣ በዚያው እብነ በረድ ላይ በሁለት መስተዋትና በዚያው ጨረር ከፋይ፣ የሁለት ጨረሮችን መደራረብ በዓይን የሚያሳየውን የማይክልሰን ኢንተርፌሮሜትር ገጠምንና የተደራረበውን ብርሃን በሌንስ አስፍተን ግድግዳው ላይ ጣልነው። ጣት የሚያህሉ ቀያይና ጥቁር መስመሮች ግድግዳው ላይ ተሰለፉ፤ አንዱ መስመር ቀጣዩ ወደነበረበት ቦታ ሲሸጋገር የመንገዱ ርዝመት በአንድ የሞገድ ርዝመት ተለውጧል ማለት ነው።

ቀድመን ልንሠራው የሚገባን ይህ ነበር፤ ምክንያቱም ግድግዳው በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ለይቶ አሳየን። መኪና ሲያልፍ መስመሮቹ በአንድ ጊዜ ተርገፍግፈው ይደበዝዙና ከሁለት ወይም ሦስት ሰከንድ በኋላ ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ። ይህ ንዝረት ነው፤ መድኃኒቱም መኪናው እስኪያልፍ መጠበቅ ብቻ ነው። ነገር ግን መኪና በሌለበት ጸጥታም መስመሮቹ አልቆሙም። ሳይንቀጠቀጡ፣ ሁልጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ፣ በየአራት ሰከንዱ አንድ መስመር ያህል በእርጋታ ይሄዳሉ። በአምስት ሰከንድ ቀረጻ ውስጥ ይህ ከአንድ ሙሉ እርምጃ በላይ ስለሆነ ፕሌቶቻችን ባዶ መሆናቸው የግድ ነበር።

ወደ አንድ አቅጣጫ የሚሄድ ዝግተኛ እንቅስቃሴ የንዝረት ጠባይ አይደለም፤ የሙቀት ነው። የደሴ የኅዳር ሌሊት ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ሰው ክፍሉ ውስጥ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ማስገባታችንን አይኮንንም። ማሞቂያው ግን ቀይ ብርሃን ስላለው ፕሌቱን እንዳያበላሽ፣ ፕሌቱን ከጥቁር ሳጥኑ ከማውጣታችን በፊት ሁልጊዜ እናጠፋው ነበር። ማለትም ሁልጊዜ የምንቀርጸው ክፍሉ መቀዝቀዝ በጀመረበት ደቂቃ ላይ ነው። መስተዋቶቹን የተሸከሙት የአልሙኒየም ምሰሶዎች ቁመታቸው አሥር ሴንቲሜትር ሲሆን፣ እንዲህ ያለ ምሰሶ በ0.1 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲቀዘቅዝ 230 ናኖሜትር ያጥራል፤ ምሰሶዎቹ ደግሞ እኩል አይቀዘቅዙም። ለጥንቃቄ ብለን የምናደርገው ነገር ራሱ ሥራውን ሲያበላሽ ኖሯል።

ማሞቂያውን ከክፍሉ አስወጥተን፣ ጨረሮቹ የሚያልፉበትን ቦታ አየር እንዳይነፍስበት በካርቶን ከበብነው። ሌዘሩን ከአንድ ሰዓት በፊት አበራነው፤ ማንኛውንም ነገር በእጅ ከነካን በኋላም ሃያ ደቂቃ ሳንጠጋ እንድንቆይ ተስማማን፤ የእጅ ሙቀትም ለምሰሶ ሙቀት ነውና። ከዚያ በኋላ ግድግዳው ላይ ያሉት መስመሮች በአሥር ሰከንድ ውስጥ የአንድ እርምጃ ሩብ እንኳ አይሄዱም ነበር። ስድስተኛውን ፕሌት ሁላችንም ጋቢ ለብሰን ቀረጽነው።

ታጥቦ ከደረቀ በኋላ ፕሌቱን ወደነበረበት መያዣ መልሰን፣ ሲኒውን ከነማስቀመጫው አንስተን፣ ወደ ዕቃው የሚሄደውን ጨረር በካርቶን ጋረድነው። አሁን ፕሌቱ ላይ የሚያርፈው ማጣቀሻው ጨረር ብቻ ነው። ይህ ጨረር በተመዘገቡት ደቃቅ መስመሮች መካከል ሲያልፍ ከፊሉ ይታጠፋል፤ የሚታጠፍበት አቅጣጫና መጠን በመስመሮቹ አቀማመጥ ስለሚወሰን፣ የታጠፈው ብርሃን ቀድሞ ከዕቃው ወደ ፕሌቱ ይመጣ የነበረውን ሞገድ ቅርጹን ሳይለቅ ይደግመዋል። ቀመሩ አጭር ነው፤ R ማጣቀሻው፣ O የዕቃው ሞገድ ቢሆኑ፣ ፕሌቱ ከሚይዘው |R + O|² ውስጥ R*O የሚለው ክፍል፣ R* የR ኮምፕሌክስ ተጣማጅ ሲሆን፣ እንደገና በR ሲበራ |R|²O ይሆናል፤ ይኸውም ራሱ O ነው፣ ድምቀቱ ብቻ ተለውጦ። ዓይን ይህን ሞገድ ሲቀበል ዕቃው ከፕሌቱ ጀርባ፣ በነበረበት ቦታ ተቀምጦ ያያል።

እኛም አየን። ማስቀመጫው በጫፉ ላይ ካለችው ትንሽ ስንጥቅ ጋር ቁጭ ብሏል። ሲኒው ግን አልነበረም። በቦታው የሲኒ ቅርጽ ያለው ድፍን ጨለማ ቆሟል። ራሴን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሳንቀሳቅስ ጨለማው እንደ እውነተኛ ዕቃ ከኋላው ያለውን የማስቀመጫ ጠርዝ በተራ ይጋርዳል፤ ጆሮው ሳይቀር በጥቁር ይለያል። ጋሼ ጎንበስ ብለው ካዩ በኋላ፣ «ሲኒው ከሰል ሆኗል» አሉ።

ይህ የሆነበት ምክንያት በፎቶግራፍ ዓለም አቻ የለውም። በሆሎግራም እያንዳንዱ የዕቃው ነጥብ ከማጣቀሻው ጋር የራሱን መስመሮች ይሠራል፤ ስለዚህ የማስቀመጫው መስመሮች ሲቆሙ የሲኒው ብቻ ሊንሸራተቱ ይችላሉ። ሲኒው በአምስቱ ሰከንድ ውስጥ ወደ ፕሌቱ አቅጣጫ 0.3 ማይክሮሜትር ያህል ዘንበል ቢል፣ ብርሃኑ ወደ እሱ ሲሄድም ሲመለስም መንገዱ ስለሚያጥር ለውጡ እጥፍ ሆኖ አንድ የሞገድ ርዝመት ይሞላል፤ የሲኒውም መዝገብ ይጠፋል። ይህ እንቅስቃሴ ከፀጉር ውፍረት ሁለት መቶኛው ያህል ስለሆነ በካሜራ ፎቶ ቢነሳ ሲኒው ያለ እንከን በወጣ ነበር። ከማስቀመጫው ተመልሶ ወደ ፕሌቱ የሚሄደውን ብርሃን ግን ሲኒው ስለጋረደው፣ የጋረደበት ቦታ ባዶ ሆኖ ጨለማው የሲኒን ቅርጽ ያዘ።

ሲኒው ለምን ዘነበለ የሚለውን ለማወቅ ሩቅ መሄድ አላስፈለገም። ማስቀመጫውን እኔ ራሴ በብረት ጠፍጣፋ ላይ በኮላ አጣብቄው ነበር። ሲኒውን ከማስቀመጫው ጋር እንዲያያይዝ ያዘዝኩት ተማሪ፣ ኮላው ሲያልቅበት፣ በዓይን ለማየት እንከን የሌለው መፍትሔ አግኝቷል፤ ሲኒውን ገልብጦ ሳየው ሥሩ ላይ የተጣበቀው ማስቲካ ነበር። ማስቲካ ከተጫኑት በኋላ ለሰዓታት ቀስ እያለ መስፋቱንና መስጠሙን አይተውም። ልጁን አልተቆጣሁትም፤ ማስቲካው ባይኖር እንዲህ ያለ ፕሌት አናገኝም ነበር።

ሰባተኛው ፕሌት ሲኒው በኮላ ተጣብቆ ሌሊቱን ሙሉ ካደረ በኋላ ተቀረጸ፤ ነጩ ሲኒም በቦታው ቆሞ ወጣ። ስድስተኛውን ሳደርቀው አንዱ ጠርዙ ተሰብሮብኝ ነበርና፣ ጥፍር የምታክለውን ስባሪ በማጣቀሻው ጨረር ውስጥ አስገብቼ ተመለከትኳት። በጠባብ መስኮት እንደሚያዩ ሆኖ፣ ማስቀመጫው ሙሉውን፣ በላዩም ጥቁሩ ሲኒ ሙሉውን ነበሩ። ሁለቱ ፕሌቶች አሁንም አንድ መሳቢያ ውስጥ ናቸው፤ አዲስ ተማሪዎች ሲመጡ መጀመሪያ የማሳያቸው ስድስተኛውን ነው፣ ሲኒው የት እንደሄደ ሳልነግራቸው።