የሲጋራዬን የዓመት ወጪ ከዱቤ ደብተር እስከ እቁብ

ሲጋራ በፓኬት የሚገዛ ሰው ወጪውን ለማወቅ አይቸገርም። እኔ ግን እንደ ብዙው የአዲስ አበባ አጫሽ በፍሬ ነበር የምገዛው። በሰፈራችን አንዷ ፍሬ 10 ብር ነበረች። አስር ብር ደግሞ ከታክሲ መልስ ኪስ ውስጥ የምትቀር ገንዘብ ናት፤ ማንም አይመዘግባትም። የመስከረም ወጪ መጥቶ ብሩ አልበቃ ሲለን፣ እኔና ባለቤቴ የት እንደገባ መናገር አቃተን። ሲጋራውን ለብቻው ለይቼ ላሰላው የተነሳሁት ያኔ ነው።

የጀመርኩት ከባለሱቁ የዱቤ ደብተር ነው። በእኔ ገጽ ላይ «ዳቦ 5፣ ሲ 3፣ ስኳር ግማሽ፣ ሲ 2» የሚል ጽሑፍ ተደርድሯል። «ሲ» ሲጋራ ነው። የአንድ ወሩን ገጾች በስልኬ ፎቶ አንስቼ «ሲ»ዎቹን ብቻ ደመርኩ። በሥራ ቀን በአማካይ 8 ፍሬ ሆነ።

ቅዳሜና እሁድ ግን ደብተሩ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ምክንያቱም በእነዚያ ቀናት ከጓደኞቼ ጋር ስለምቀመጥ የምገዛው ከጀብሎ፣ በእጅ በእጅ ነው። ስለዚህ ሌላ ዘዴ ያዝኩ። ጠዋት ለሲጋራ ብቻ የሚሆን ብር በአንድ ኪሴ ለይቼ እይዛለሁ፤ ማታ የቀረውን እቆጥራለሁ። በጥቂት ሳምንት ውስጥ ቁጥሩ ተገለጠ፤ በቀን 15 ፍሬ ገደማ። ለሰው የሰጠሁትን ቆጥሬዋለሁ፣ ብሩ ከቤቴ ወጥቷልና። ሰው የሰጠኝን አልቆጠርኩም። የፈለግሁት ያጨስኩትን ሳይሆን የከፈልኩትን ነው። ማኪያቶውንም አላስገባሁም፤ ሲጋራ ብተውም እጠጣዋለሁ።

እንግዲህ የሥራ ቀናቱ 40 ፍሬ፣ ሁለቱ የእረፍት ቀናት 30 ፍሬ፤ በሳምንት 70 ፍሬ፣ 700 ብር። ብዙ ሰው ይህን በአራት፣ ከዚያም በ12 አባዝቶ 33,600 ብር ይላል። ግን እንደዚያ ሲሰላ ዓመቱ 48 ሳምንት ብቻ ይሆናል። በቀን መሄድ ይሻላል። በቀን 100 ብር፣ በወር 3,000፣ በ12 ወር 36,000፣ የጳጉሜን አምስት ቀን ሲጨመር 36,500 ብር። ጳጉሜን ደመወዝ የላትም፤ ሲጋራ ግን ይጨስባታል። ያውም መስከረም ደጃፍ ላይ ቆሞ።

ይህ ቁጥር ደግሞ ባለበት አይቆይም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከ30 በመቶ ታክስ በተጨማሪ በእያንዳንዱ 20 ፍሬ ፓኬት ላይ 8 ብር ጥሏል። በፍሬ ለሚገዛ ሰው ጭማሪ የሚመጣው በሳንቲም ሳይሆን በሙሉ ብር ነው። አንዷ ፍሬ በ1 ብር ብቻ ብትጨምር የእኔ ዓመት በ3,650 ብር ይጨምራል።

ወረቀቱን ለባለቤቴ ሰጠኋት። ጤፍ የምትገዛው እሷ ስለሆነች ወዲያው ወደ ጤፍ መነዘረችው። ሦስታችን በወር 20 ኪሎ እንጨርሳለን፤ ያኔ ኪሎው 150 ብር ነበር። «በለኛ፣ የወር እንጀራችንን ነው የምታጨሰው» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ልክ 3,000 ብር ነው።

ከዚህ በኋላ የተረዳሁት ትልቁ ነገር፣ 36,500 ብር የሚባል ገንዘብ አንድ ላይ ተቀምጦ እንደማይጠብቅ ነው። በቀን መቶ መቶ ብር እየሆነ ነው የሚመጣው። ሲጋራ ቀንሼ ብሩን ኪሴ ውስጥ ከተውኩት በሌላ ቀዳዳ ይወጣል፤ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያሳዩኝ ይህንኑ ነው። የሚይዘው እቁብ ሆነ። በሰፈራችን 52 እጣ ያለው፣ በሳምንት 700 ብር የሚጣልበት እቁብ አለ። በአንድ ጊዜ ማቆም ስለከበደኝ ሲጋራውን በግማሽ ቀነስኩና ግማሽ እጣ ገባሁ፤ በሳምንት 350 ብር። ዳኛው እሁድ እሁድ ይጠብቀኛል፣ ጸሐፊውም ስሜን ይጠራል። በሳምንቱ አብዝቼ ካጨስኩ 350 ብሩ እንደሚጎድል ስለማውቅ ሐሙስ ላይ እጄን እሰበስባለሁ።

እቁብም ጉድለት አለው። እጣው መጨረሻ ላይ ከደረሰ ዋጋ ሁሉ ንሮ ይጠብቃል። ስለዚህ ዳኛውን አስፈቅጄ ከሌላ እቁብተኛ ጋር ተራ ተቀያየርኩና ጥር ላይ 18,200 ብር ወሰድኩ። ጥር አዲሱ ጤፍ ገበያ የሚገባበት ወቅት ነው። አንድ ኩንታል በ15,000 ብር ገዛን። ጤፍ እንደ በቆሎ በነቀዝ ስለማይጠቃ፣ እርጥበት ካላገኘው ኪራይ ቤት ውስጥም ቢሆን ወራት ይቆያል። የተረፈው 3,200 ብር ለልጃችን ዩኒፎርምና ደብተር ተቀመጠ።

ዘንድሮ አቁሜያለሁ፤ እጣውንም ወደ ሙሉ አሳድገነዋል። ባለቤቴ ግማሹን ለጤፍ፣ ግማሹን ለትምህርት ቤት ክፍያ ብላ ከወዲሁ መድባዋለች።