ላሲክስና ፉሮሰማይድ፦ የእናቴን የመውጫ ወረቀት ያነበብኩበት መንገድ

እናቴ በልብ ድካም ሐረር ስምንት ቀን ሆስፒታል ተኝታ የካቲት 17 ወጣች። ደንገጎን ወርደን ድሬዳዋ ሳቢያን ቤታችን ስንገባ እጄ ላይ የነበረው በእንግሊዝኛ የተጻፈ ሁለት ገጽ ወረቀትና አንድ ፌስታል መድኃኒት ነው። ወረቀቱን የሰጠችን ሲስተር በሽተኛ በዝቶባት ነበርና «እንደተጻፈው ስጧት» ብላን ወደ ሌላው አልጋ አለፈች። እኔም እንደተጻፈው ሰጠኋት።

በአራተኛው ቀን ጠዋት እማዬ ከአልጋዋ ስትነሳ ግድግዳውን ይዛ ቆመች። ዓይኗ ጨለመባት፣ አፏ ደርቋል። ከሆስፒታል ስትወጣ 61 ኪሎ ተኩል የነበረችው 58 ሆናለች። እብጠቷ ስለጎደለ መሻሻል መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። በባጃጅ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት፤ የደም ግፊቷ 85 በ50 ሆኖ ተገኘ።

ያየን ጤና መኮንን ወረቀቱን አንብቦ ሲያበቃ «ቤት ውስጥ ያለውን መድኃኒት ሁሉ አምጣልኝ፣ ባዶውን ካርቶን ሳይቀር» አለኝ። አመጣሁለት። ከእማዬ የቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ የድሮውን ላሲክስ አወጣና በትልቁ ከተጻፈው ስም በታች ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ በጥፍሩ አሳየኝ፦ ፉሮሰማይድ 40 ሚሊግራም። ከሐረር የመጣው አዲሱ ካርቶን ላይ ያለውም ፉሮሰማይድ ነው። ውሃ የሚያስወጣው ይኸው አንዱ መድኃኒት በሁለት ስም ቤታችን ገብቶ ነበር። ሐኪሟ በቀን ሁለት ጊዜ 40 አዘዘላት፣ እሷ ደግሞ ጠዋት ጠዋት የለመደቻትን አንዷን ፍሬ ትጨምርበታለች። 80 መሆን የነበረበት 120 ሆነ። «ይቺ እኮ የቆየችው መድኃኒቴ ናት ልጄ፣ ተዋት ያለኝ የለም» አለች። እውነቷን ነው፤ ወረቀቱ የሚወሰደውን ይዘረዝራል እንጂ የሚቆመውን አይናገርም ነበር። ጤና መኮንኑ ለሐኪሙ ደውሎ የዚያን ቀን ከሰዓት የሚወሰደውን ፍሬ አስቀረ፣ የድሮውንም ላሲክስ እኔው እንዳስቀምጠው አደረገ።

ማታ ምንጣፍ ላይ የድሮውን በግራ፣ አዲሱን በቀኝ ደረደርኩ። ደብተር ይዤ ከእያንዳንዱ ካርቶን ትልቁን ስም ሳይሆን ደቃቁን ስምና ሚሊግራሙን ብቻ ገለበጥኩ፣ ከወረቀቱም ጋር በየተራ አመሳከርኩ። ፍሬ መቁጠር እንደሚያሳስት ያን ጊዜ ገባኝ። ወረቀቱ ለልቧ የታዘዘላትን ኢናላፕሪል 5 ሚሊግራም «ቢ.አይ.ዲ.» ይላል፤ በቀን ሁለት ጊዜ ማለት ነው። ፋርማሲው የሰጠን ግን ባለ 10 ስለሆነ የሚዋጠው ግማሽ ፍሬ ነው። እስከዚያ ድረስ በትክክል ግማሽ እየሰጠኋት የነበረው ፋርማሲስቱ ካርቶኑ ላይ «½» ብሎ ስለጻፈልኝ ብቻ ነው።

ካመሳከርኩ በኋላ ወረቀቱ ላይ ጨርሶ የሌለ አንድ መድኃኒት ተረፈ፦ ዳይክሎፌናክ። እማዬ ለጉልበቷ ያለ ማዘዣ የምትገዛው ነው፣ ለሐኪሞቹም አልነገረቻቸውም። ያልነገሯቸውን ደግሞ ሊያስቆሙ አይችሉም። በማግስቱ ደብተሬን ይዤ ፋርማሲስቱ ዘንድ ሄድኩ። ይህ ማስታገሻ ጨውና ውሃ በሰውነት ውስጥ እንደሚያስቀር፣ ስለዚህም የልብ ድካምን እንደሚያባብስ፣ ከኢናላፕሪልና ከፉሮሰማይድ ጋር ሲደመር ደግሞ ኩላሊትን እንደሚጎዳ ነገረኝ። በፓራሲታሞል ተተካ። ከሁሉም በላይ የሚቆጨኝ ይህ ነው፤ ሆስፒታል የገባች ዕለት ሣጥኗን ይዤ ብሄድ ኖሮ ሐኪሙ ያኔውኑ ባየው ነበር።

ቀጠሮው የራሱ ጣጣ ነበረው። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው «ማርች 10» ነው። ወንድሜ ማርች ማለት መጋቢት ነው ብሎ በግድግዳው ካላንደር ላይ መጋቢት 10ን አከበበ። እኔን ያጠራጠረኝ ከሥሩ ያለው «ከሁለት ሳምንት በኋላ» የሚለው ነው። ከየካቲት 17 አሥራ አራት ቀን ብቆጥር መጋቢት 1 ላይ ያደርሰኛል። ማርች 10 ማለትም መጋቢት 1 ነው። በካላንደራችን ብንሄድ ኖሮ ዘጠኝ ቀን እንዘገይ ነበር።

ዘጠኝ ቀን ቀላል አልነበረም። ከቀጠሮው ጎን የኩላሊትና የፖታሲየም ምርመራ ታዟል። ኢናላፕሪልና እዚያው ወረቀት ላይ የታዘዘላት ስፓይሮኖላክቶን አብረው ሲወሰዱ በደም ውስጥ ያለውን ፖታሲየም ከፍ ያደርጋሉ፤ ብዙ ከፍ ሲል የልብን ምት ያዛባል፣ ሰውየው ግን ምንም ላይሰማው ይችላል። የሚታወቀው በደም ምርመራ ነው። መጋቢት 1 ጠዋት ደሟን ሰጠች፤ ፖታሲየሟ ከፍ ብሎ 5.6 ሆኖ ወጣ። ሐኪሙ ስፓይሮኖላክቶኑን ከ25 ወደ 12.5 አወረደው፣ በሳምንቱ ደግማ እንድትመረመርም አዘዘ። ደብተሬን ተቀብሎ ከላይ እስከ ታች አነበበና ከዳይክሎፌናክ ጎን በራሱ እጅ «ቆሟል» ብሎ ጻፈበት። አዲሱን ቀጠሮ ሲጽፍ ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር እንዲያደርገው ለመንኩት፣ መጋቢት 8 ብሎ ጻፈልኝ።